የግል ኬጂ ወይስ የመንግሥት ዜሮ ክፍል? ሁለተኛ ክፍልን አይቶ መምረጥ

ነሐሴ ሲጋመስ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ያለበት ቤት ወሬው ሁሉ ምዝገባ ይሆናል። አንዱ ጎረቤት ልጁን ያስገባበትን የግል ትምህርት ቤት ያወድሳል፤ ሌላው በሰፈሩ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት «እኛም እዚያው ነው የተማርነው» ብሎ ይሟገትለታል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በሁለት ነገሮች ላይ ያርፋል፤ በክፍያና በእንግሊዝኛ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን ምርጫውን የሚወስኑት እነርሱ አይመስሉኝም። አንድ ትምህርት ቤት ለአራት ዓመት ልጅ ይበጅ አይበጅ ማወቅ የፈለገ ሰው የነርሰሪውን ክፍል ማየቱ አይበቃውም። እዚያው ግቢ ሁለተኛ ክፍል የደረሱትን ልጆች ማየት አለበት። ጥያቄው አንድ ነው፦ አይተውት የማያውቁትን የአማርኛ ጽሑፍ አንብበው ይረዳሉ?

ሁለቱ መንገዶች ምን እንደሚመስሉ በአጭሩ እንይ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ትምህርቱን ሁለት ዓመት፣ አንደኛ ደረጃውን ስድስት፣ መካከለኛውን ሁለት፣ ሁለተኛ ደረጃውን አራት ዓመት አድርጎታል። ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ነው። በግል ትምህርት ቤቶች ቅድመ አንደኛው ከዚህም ረዝሞ ነርሰሪ፣ ኤልኬጂና ዩኬጂ ተብሎ ሦስት ዓመት ይወስዳል። በመንግሥት በኩል ያለው ዜሮ ክፍል ወይም ኦ ክፍል የሚባለው ነው። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ መንግሥት በዚህ ዕድሜ ላይ እጁን እምብዛም አላስገባም ነበር፤ መዋዕለ ሕፃናት ማለት በከተማ ላለና መክፈል ለሚችል ቤተሰብ የሚሆን ነገር ነበር። ዜሮ ክፍል የተስፋፋው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የተስፋፋውም አዲስ ግቢ ተሠርቶለት ሳይሆን በነባሮቹ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ክፍል እየተለቀቀለት ነው። ጉድለቱ ሁሉ ከዚህ አመጣጡ ይቀዳል። ወንበሩ ለትልቅ ልጅ የተሠራ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱን ከስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጋር ይጋራሉ፤ መምህሯ ደግሞ አንዳንዴ ለትንንሽ ልጆች የሠለጠነች ሳትሆን በድልድል የደረሳት ናት።

ከዚህ አንጻር ግሉ ቀድሞ የታየ ይመስላል። በብዙዎቹ የልጆቹ ቁጥር ያነሰ ነው፤ ሞግዚት አለ፤ በር ላይ ዘበኛ ይቆማል፤ ልጁ ቢያመው ስልክ ይደወላል። አራት ዓመት ለሞላው ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ወላጅ ለዚህ ቢከፍል ገንዘቡ ባክኗል የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ችግሩ ወላጁ የሚከፍለው ለዚህ መሆኑን ረስቶ ለእንግሊዝኛው እየከፈለ ነው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ማስታወቂያውንም የክፍለ ጊዜ ድልድሉንም በዚያው ልክ ያደርገዋል። ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ «ኤ ፎር አፕል፣ ቢ ፎር ቦል» እያለ ይዘምራል፤ እስከ ሃያ በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፤ አያት ይደሰታሉ። በግድግዳው ላይ ካለው ፊደል ግን ከ«ሀ» እስከ «መ» እንኳ በቅጡ የማይለይ ይሆናል።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ለመረዳት ማንበብ በልጅ ጭንቅላት ውስጥ እንዴት እንደሚጀምር ማየት ይጠቅማል። የአማርኛ ፊደል 33 ቤቶችና 7 ረድፎች፣ በድምሩ 231 ምልክቶች አሉት፤ ዲቃሎቹን ሳይጨምር ማለት ነው። ከእንግሊዝኛው 26 ፊደላት ጋር ሲወዳደር የሚያስፈራ ቁጥር ነው። ነገር ግን አንዱ ምልክት አንድ የድምፅ ቅንጣት ነው፤ «በ» ሁልጊዜ «በ» ነው። ልጁ «በ» እና «ላ» የሚሉትን ካወቀ «በላ» ብሎ ያነባል፤ ያነበበው ደግሞ ከእናቱ አፍ የሰማው ቃል ስለሆነ ወዲያው ይገባዋል። የዓይን ሥራና የትርጉም ሥራ እዚያው ይገናኛሉ።

እርግጥ ፊደላችን የራሱ ወጥመድ አለው። ሳድሱ ድምፅ ሲኖረውና ሳይኖረው አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ጀማሪው «ድንጋይ» የሚለውን እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ እየጎተተ ይጠራታል። መጥበቅና መላላትም በጽሑፍ አይታይም። «አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል»፣ «ዋና» የሚለው የወንዙ ይሁን የበላዩ ከገጹ ላይ አይታወቅም፤ አንባቢው የሚለየው በዓረፍተ ነገሩ ስሜት ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው አማርኛ በጆሮው የሞላ ልጅ ነው። የደሴ ልጅ ይህን ሀብት ከቤቱ ይዞ ይመጣል። የእንግሊዝኛውን ግን ይዞ አይመጣም። እንግሊዝኛው 26 ፊደል ብቻ ቢኖረውም ፊደሉ በየቃሉ ድምፁን ይለዋውጣል፤ ለዚህም የሚረዳው ቃሉን አስቀድሞ በጆሮ ማወቅ ነበር። ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ልጅ የሚቀረው አንድ መንገድ ነው፤ የቃሉን ቅርጽ ከሥዕሉ ጋር በቃል መያዝ። ይህ ከሩቅ ሲታይ ንባብ ይመስላል፤ ሥዕሉን ሲሸፍኑበት ግን ይቆማል።

በኢትዮጵያ ይህን የሚደግፍ ማስረጃ ቆይቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ ፈተና ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተዛወሩት የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ስለዚህ እንግሊዝኛን ማዘግየት ልጅን ወደኋላ ማስቀረት አይደለም። እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በመንግሥትም ይሰጣል፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። እዚያ ድረስ የሚያደርሰው ግን በአማርኛ የተገነባው የማንበብ ችሎታ ነው።

ይህን ብዬ ለመንግሥቱ ትምህርት ቤት ጥብቅና የቆምኩ እንዳይመስል። አማርኛ ማስተማሩ ብቻውን ልጅ አያስነብብም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ጽሑፍ አንዲት ቃል በትክክል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች በአብዛኛው በመንግሥት ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚማሩ ነበሩ። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ስልሳና ሰባ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል መምህሯ እያንዳንዱን አስነሥታ ለማስነበብ ጊዜ የላትም። ስለዚህ ፊደሉ በጅምላ ይጮሃል፤ በኅብረት የሚጮኸው ደግሞ የማያውቀውን ልጅ ይሸፍነዋል። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ቀኑ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ያጥራል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተማሪ ሳይወድቅ እንዲያልፍ የሚደረገው አሠራር ሲጨመርበት ያላነበበ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ካርዱ ላይ «አልፏል» ተጽፎለት ይገኛል።

በወሎ ደግሞ ሌላ ነገር ተደርቦበታል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ወልድያ ቀደም ብላ ተይዛ ነበር። ወንበር ተሰበረ፤ መጽሐፍ ተዘረፈ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት በገጠሩ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዳግም ዘጋ። የዚህ ውጤት ዛሬ በከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል ላይ ይታያል። ከሰባት ዓመቱ ልጅ ጎን የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጅ ይቀመጣል፤ ዓመታት ያመለጡት ወይም ከቤተሰቡ ጋር ተፈናቅሎ የመጣ ነው። መምህሯ ሁለት ዓይነት ክፍል በአንድ ክፍል ውስጥ ታስተምራለች። ይህን የሚያይ ወላጅ ለልጁ ቢሰጋ አይፈረድበትም፤ ግን መጠየቅ ያለበት «ትልልቅ ልጆች አሉ ወይ?» ብሎ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ትምህርት ቤቱ ያመለጣቸውን ልጆች ለይቶ የሚያስተምርበት ሰዓት እንዳለው ነው። ያለው ትምህርት ቤት ክፍሉን ያተርፈዋል፤ የሌለው ሁለቱንም ያጣል።

እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ወስደን ስሌቱን እናስላ። በደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ፣ እናት ሱቅ ያላት፣ አባት ደመወዝተኛ የሆነ ቤተሰብ ነው እንበል። ልጃቸው በመስከረም አራት ዓመት ሞልቷታል። ቁጥሮቹ ለማስላት ያህል የያዝኳቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ያስገባባቸው። ግሉ በወር 1,800 ብር ያስከፍላል፤ በአሥር ወር 18,000 ይሆናል። መመዝገቢያው 1,000፣ ዩኒፎርምና መጽሐፍ 3,000፣ የባጃጅ ኮንትራት በወር 1,200 ሆኖ በዓመት 12,000። ድምሩ 34,000 ብር ነው። የመንግሥቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ቦርሳና የወላጅ መዋጮ ተደምሮ 3,000 ብር ይሁን። ልዩነቱ በዓመት 31,000፣ በሦስቱ የኬጂ ዓመታት 93,000 ብር ይሆናል፤ ክፍያው በየዓመቱ እንደሚጨምር ሳንቆጥር።

ወላጆቹ ይህን ለሦስት ዓመት መክፈል ይችላሉ። ብዙ ቤተሰብ ስሌቱን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱም እዚህ ነው። ልጅቷ ከኬጂ በኋላ እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ስምንት ዓመት ይቀራታል፤ ክፍያው በየደረጃው ይጨምራል፤ ታናሽ ወንድሟም ይደርሳል። ሱቁ አንድ ዓመት ቢቀዘቅዝ ልጅቷ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ላይ ከግል ወጥታ ወደ መንግሥት ትገባለች። ለመዛወር ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። የአራተኛ ክፍል የአማርኛም የአካባቢ ሳይንስም መጽሐፍ አንባቢ መጥቷል ብሎ የተጻፈ ነው፤ ፊደል የሚያስተምር ገጽ የለውም። ሒሳቡን «ፕላስ» እና «ማይነስ» እያለች የተማረች ልጅ «ሲደመር» እና «ሲቀነስ» የሚል የቃል ጥያቄ ሲቀርብላት ስሌቱን እያወቀች ጥያቄው ያመልጣታል። ሰነፍ ተብላ ከኋላ ትቀመጣለች።

በአንጻሩ ከኬጂ ወደ አንደኛ ክፍል ሲታለፍ ቢዛወሩ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የመንግሥቱ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ፊደሉን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ ለእንደዚህ ዓይነቱ ቤተሰብ የምለው ይህ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል መክፈል እንደሚችሉ እርግጠኛ ካልሆኑ፣ የሚወጡበትን ዓመት ችግር እስኪመርጥላቸው አይጠብቁ፤ ራሳቸው አስቀድመው ይምረጡ። ልጅቷን በዜሮ ክፍል አስገብተው ልዩነቱን ቢያስቀምጡ ወይም የኬጂውን ሦስት ዓመት በግል አቆይተው አንደኛ ክፍል ላይ ወደ መንግሥት ቢያዛውሩ፣ ከዚያ ከሚተርፈው ገንዘብ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት መጥታ የምታስነብብ አስጠኚ ሊቀጥሩ ይችላሉ። በወር 1,500 ብር ቢከፈላት በዓመት 15,000 ነው፤ ከግሉ ግማሽ አይሞላም። በደሴና በወልድያ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ስላሉ ለዚህ ሥራ የሚሆን ወጣት ማግኘት አያስቸግርም። ብሩ በልጁ ላይ የሚሠራው በአራት ዓመቱ ከሚከፈለው ይልቅ በሰባትና በስምንት ዓመቱ ሲከፈል ነው ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡ የማያሳስበው ቤተሰብስ? እርሱም ቢሆን የሚመርጠው ግል ወይስ መንግሥት ብሎ ሳይሆን የትኛውን ግል ብሎ ነው። በየግሉ መካከል ያለው ልዩነት በግልና በመንግሥት መካከል ካለው ይሰፋል። ሦስት ነገር ሄዶ ማየት ይበቃል። መጀመሪያ የሁለተኛ ክፍሉን የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ጠይቆ አማርኛ በየቀኑ መኖሩን ማረጋገጥ። ቀጥሎ የነርሰሪ መምህሯ አምናም እዚያው እንደነበረች መጠየቅ። በብዙ ግል ትምህርት ቤት የኬጂ መምህርት ደመወዝ አነስተኛ ስለሆነ የተሻለ ስታገኝ ትሄዳለች፤ የአራት ዓመት ልጅ በአንድ ዓመት ሦስት መምህርት ከተቀያየሩበት የከፈሉለት እንክብካቤ ወረቀት ላይ ብቻ ቀርቷል። በዚህ ረገድ የመንግሥት መምህርት ደመወዟ ከመንግሥት ስለሆነ በአንድ ትምህርት ቤት ዓመታት የመቆየት ዕድሏ ሰፊ ነው፤ ይህን ማንም በጥቅም አይቆጥርላትም።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ በመንግሥትም በግልም ይሠራል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያለው ጎረቤት ፈልጎ ልጁን ማስነበብ ነው። የክፍሉን መጽሐፍ አይጠቀሙ፤ በቃሉ ሊያውቀው ይችላል። ከሌላ የልጆች መጽሐፍ ወይም በራስዎ እጅ አምስትና ስድስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይስጡት፤ «አበበ ወደ ገበያ ሄደ። ለእናቱ ሽንኩርት ገዛ። ሲመለስ ዝናብ መጣ።» ዓይነት። ሥዕል አይኑርበት። በቃሉ የሚያነበንብ ልጅ ዓይኑ ከገጹ ይነሣል፤ ጣቱ ከድምፁ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። «ገበያ» የሚለውን ቃል በሌላ ቦታ ጽፈው ቢያሳዩት አያውቀውም። እየጎተተ ቢሆንም ፊደሉን እየለየ የሚያነብ ልጅ በደህና መንገድ ላይ ነው፤ ፍጥነቱ ይመጣል። አንብቦ ሲጨርስ «አበበ ምን ገዛ? ለማን?» ብለው ይጠይቁት። ከአንድ ትምህርት ቤት አራት ወይም አምስት ልጆች እንዲህ ቢያስነብቡ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግሩዎታል። ደብተራቸውንም ይግለጡ። የሁሉም ልጆች ደብተር አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ከያዘ የሚጻፈው ከሰሌዳ የሚገለበጥ ነው፤ ልጁ ከራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር የጻፈበት ገጽ ካለ ግን ክፍሉ ውስጥ ትምህርት አለ።

በወሎ ስለ መጀመሪያ ዓመታት ሲነገር ሦስተኛውን ትምህርት ቤት መዝለል አይገባም። ብዙ ልጆች ከኬጂውም ከዜሮ ክፍሉም በፊት ወይም ጎን ለጎን ወደ ቁርአን ቤት ወይም ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ቄስ ትምህርት ቤት በሀሁ፣ በአቡጊዳ፣ በመልእክተ ዮሐንስ እያለፈ ዳዊት ያደርሳል። በክረምት ሁለት ወር እንኳ ቄስ ዘንድ የተቀመጠ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ፊደሉን ለይቶ ይገባል፤ ይህን የክፍል መምህራን ወዲያው ያውቁታል። ቁርአን ቤት የሚሄደው ልጅ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፍ ሌላ ፊደል ይጀምራል። ይህ ልጅ እንግሊዝኛ የሚያበዛ ኬጂ ሲጨመርበት በአምስት ዓመቱ ሦስት ዓይነት ጽሕፈት በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል። ሦስት መሆኑ አይደለም ችግሩ፤ ሰዓቱ ነው። ዐረብኛው የራሱ ቦታና የራሱ መምህር አለው። እንግሊዝኛው የግሉን ትምህርት ቤት ሰዓት ይዟል። የሚጨናነቀው ልጁ ቀን ከሌት የሚናገርበት የአማርኛው ፊደል ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ዜሮ ክፍሉ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ከሚሴና ዙሪያዋ ሁኔታው ይለያል። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጆች በአፋን ኦሮሞ ሲማሩ የሚያነቡት በላቲን ፊደል ነው። እዚያ ጥያቄው ፊደሉ ሳይሆን ቋንቋው ነው፤ ልጁ በቤቱ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ሆኖ ወላጁ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚያበዛ ግል ከመረጠለት ያው ችግር በሌላ በኩል ይመጣል።

ለምዝገባ ሲሄዱ የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ይዘው ይሂዱ። ልጁ ከግል ወደ መንግሥት የሚዛወር ከሆነ መሸኛውን ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ አብረው ይጠይቁ፤ መስከረም ላይ «ቀሪ ክፍያ አለብዎት» ተብሎ መሸኛው ከተያዘ የመንግሥቱ ክፍል እስከዚያ ሞልቶ ሊያድር ይችላል። በሰፈርዎ ካሉት ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንዱ ዜሮ ክፍሉን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ጠዋት የሚያስተምር፣ ሌላው በፈረቃ የሚያፈራርቅ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ጠዋት ያለው ትንሽ ቢርቅም እርሱን ይምረጡ።